አንድ አፈር፤ ሁለት ቁጥር

አንባቢ ሆይ! በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በአዲስ ሠራተኝነት ተቀምጠህ ሳለ ሁለት ወረቀት በእጅህ ገባ እንበል። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ገበሬ ማሳ ስለ ተወሰደ አንድ አፈር ነው። በመጀመሪያው ላይ «ፒኤች 4.9» ተጽፏል፤ በሁለተኛው ላይ «ፒኤች 4.0» ተጽፏል። ገበሬውም ኖራ ለመግዛት አስቦ ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልገው ሊጠይቅህ መጥቷል። እንግዲህ ከሁለቱ ላቦራቶሪዎች የተሳሳተው የትኛው ነው?

ሁለቱም ሳይሳሳቱ ሊቀሩ ይችላሉ። አንደኛው አፈሩን በውሃ፣ ሁለተኛው በፖታስየም ክሎራይድ በጥብጦ ለክቶት ይሆናልና። የአፈር ምርመራ ቁጥር እንደ ሰው ቁመት በራሱ የቆመ ነገር አይደለም። ለቀረበለት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ጥያቄውም አፈሩን የበጠበጥንበት ፈሳሽ፣ የፈሳሹ መጠንና የቆየበት ጊዜ ነው። ጥያቄው ሳይታወቅ መልሱን ብቻ ይዞ ምክር የሚሰጥ ሰው የገበሬውን ገንዘብ ሜዳ ላይ ሊያፈስበት ይችላል።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ ማሳው የሚገኘው በአዊ ደጋ፣ በእንጅባራ አካባቢ ነው እንበል። የዚያ አገር አፈር ቀይ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። ዝናቡ በብዙ ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ወደ ታች ስላወረደው በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ተተክተዋል። አፈሩ እጅግ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የገብሱን ሥር ጫፍ ይመታዋል፤ ሥሩም አጥሮና ደንድኖ ይቀራል። ፎስፈረሱ ደግሞ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ለተክሉ አልደርስ ይላል። በዚያ አገር ብዙ ገበሬዎች ገብስ ይዘሩበት በነበረው መሬት ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የተባለ ግራር የተከሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ማወቅ ያሻናል፤ አፈሩ ምን ያህል እንደ ኮመጠጠና ተክሉ ሊያገኘው የሚችለው ፎስፈረስ ምን ያህል እንደ ሆነ።

ምርመራው የሚጀምረው በማሳው ላይ ነው

በላቦራቶሪ የሚመዘነው አፈር 10 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ያ አንድ ቁንጥር ስለ ጠቅላላው ማሳ ይመሰክራል ማለት ነውና ምስክሩ በደንብ መመረጥ አለበት። በማሳው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዝህ እየሄድህ ከ15 እስከ 20 ከሚሆን ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ እኩል እኩል አፈር ታወጣለህ። ነገር ግን የቀድሞ በረት ወይም አውድማ ከነበረበት፣ አመድ ከተደፋበት፣ ከዛፍ ሥርና ከአጥር ጥግ አትውሰድ። በአመድ ቦታ የተወሰደ አንድ ጭብጥ የሌላውን ሁሉ ኮምጣጣነት ሊሸፍነው ይችላል።

የተሰበሰበውን በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ታደባልቀዋለህ፤ ቀጥሎም በሸራ ላይ ዘርግተህ በአራት ትከፍለውና ሁለቱን ፊት ለፊት ያሉትን ክፍሎች ትጥላለህ። አንድ ኪሎ ያህል እስኪቀር ድረስ እንዲሁ ትደጋግማለህ። ማዳበሪያ የተያዘበትን ከረጢት ለዚህ ሥራ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ በስፌቱ ላይ የቀረው ዱቄት ብቻ የፎስፈረሱን ቁጥር ያበላሸዋልና።

አፈሩ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ተሰጥቶ ይደርቃል። እርጥቡን በላስቲክ ቋጥሮ ሳምንት ማቆየት ስሕተት ነው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ሥራቸውን አያቆሙምና ናይትሬት እያበዙ ፒኤቹን ይለውጡታል። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ በጋለ ምድጃ ውስጥ መክተትም እንዲሁ አፈሩን ይለውጠዋል። ከደረቀ በኋላ በእንጨት ሙቀጫ ቀስ ተብሎ ይሰበርና ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ይነፋል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ጓል መጣል አይገባም፤ እንደገና ተሰብሮ ማለፍ አለበት። የሚጣለው ድንጋይና ሥር ብቻ ነው። ጓሉን የጣለ ሰው የሸክላውን ክፍል ጥሎ አሸዋውን መረመረ ማለት ነው።

ኮምጣጣነቱ ሲለካ

ፒኤች የሚባለውን ልኬት ያወጣው በ1909 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሶረን ሶረንሰን ነው። ሰባት ማለት እኩሌታ ነው፤ ከዚያ በታች ኮምጣጣ ነው። ልብ በል፣ ደረጃው እንደ መሰላል እኩል እኩል የሚወርድ አይደለም። አንድ ቁጥር በወረድህ መጠን ኮምጣጣነቱ አሥር ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የግማሽ ነጥብ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም በአፈሩ ውስጥ ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። 10 ግራም አፈር መዝነህ በቢከር ውስጥ ትጨምርና 25 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ትለቅበታለህ። ይህ አንድ ለሁለት ተኩል ይባላል። በመስተዋት ዘንግ አማስለህ ግማሽ ሰዓት ታቆየዋለህ፤ በመካከሉም ደጋግመህ ታማስለዋለህ። ውሃው ራሱ አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል፤ ተከፍቶ የቆየ ዲስቲልድ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በራሱ ይኮመጥጣልና።

አፈሩ በሚቆይበት ጊዜ መሣሪያውን ታሰናዳለህ። ፒኤቻቸው የታወቀ ሁለት ፈሳሾች አሉ፤ አንደኛው 7.00፣ ሁለተኛው 4.01 ነው። አፈራችን ኮምጣጣ ስለ ሆነ ቁጥሩ በእነዚህ በሁለቱ መካከል እንዲወድቅ መሣሪያው በሁለቱም መስተካከል አለበት። በ7.00 ብቻ ተስተካክሎ 4.9 ያነበበ መሣሪያ የሚታመን አይደለም። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮዱን በዲስቲልድ ውሃ አጥበህ፣ በለስላሳ ወረቀት ጠብታውን ብቻ አስነክተህ (አትፈትገው)፣ አፈሩን ለመጨረሻ ጊዜ አማስለህ ታስገባዋለህ። ቁጥሩ እስኪረጋ ትጠብቅና ትጽፋለህ።

የሚያጠራጥር ነገር እንዴት ይታወቃል? ቁጥሩ አልረጋ ብሎ ቢንከራተት ኤሌክትሮዱ ቆሽሿል ወይም ደርቋል። ያስገባኸው አፈር ሁሉ፣ ቀዩም ዋልካውም፣ ሰባት አካባቢ ቢሆንብህ ደስ አይበልህ፤ የኤሌክትሮዱ መስተዋት ሳይሰነጠቅ አይቀርም። ከየአሥሩ አፈር በኋላ 7.00 የሆነውን ፈሳሽ እንደገና ለካ፤ ከ0.05 በላይ ከራቀ መሣሪያውን አስተካክለህ ያለፉትን አሥሩን ድገም። የውሃው መጠንም ነገር አለው። በኮምጣጣ አፈር ላይ ውሃ ባበዛህ መጠን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በአንድ ለአንድ የተለካውን በአንድ ለአምስት ከተለካው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

አሁን ወደ ሁለቱ ወረቀቶች እንመለስ። በሁለተኛው መንገድ የሚለየው ፈሳሹ ብቻ ነው፤ በውሃው ፈንታ በአንድ ሊትር ውስጥ 74.6 ግራም ፖታስየም ክሎራይድ የሟሟበት ውሃ ይገባል። የሸክላው ቅንጣት ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም በላዩ ላይ ይዞ ይኖራል። ንጹሕ ውሃ በደጅ የሚመላለሱትን ብቻ ይቆጥራል፤ ፖታስየሙ ግን በብዛት ገብቶ በቤት የተቀመጡትንም እያስወጣ ያስቆጥራቸዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር በኮምጣጣ አፈር ላይ ከውሃው ቁጥር ከግማሽ እስከ አንድ ነጥብ ያህል ዝቅ ይላል። 4.9 እና 4.0 እንግዲህ የሚጣሉ ቁጥሮች አይደሉም፤ አንድ አፈር ለሁለት ጥያቄ የሰጣቸው ሁለት መልሶች ናቸው።

ጉዳቱ የሚመጣው ሲምታቱ ነው። የሰብል ሠንጠረዦች አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋጁት በውሃ ለተለካ ፒኤች ነው። በውሃ 5.8 የሆነ አፈር በፖታስየም ክሎራይድ 4.9 ሊሆን ይችላል። በውሃ 5.5 ካለፈ ጎጂው አሉሚኒየም ከሞላ ጎደል ስለሚጠፋ ይህ ማሳ በአሉሚኒየም ምክንያት ኖራ አይጠይቅም። 4.9 የሚለውን ብቻ አይቶ የውሃው ቁጥር የመሰለው ሠራተኛ ግን ገበሬውን በከንቱ ኖራ ያሸክመዋል።

አቦል፣ ቶናና በረካ

ፎስፈረሱን መለካት ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በጠቅላላው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ተክሉ የሚደርሰው ግን ከዚያ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ማሟሟት አንፈልግም፤ ተክሉ ሊያገኘው የሚችለውን የሚመስለውን ክፍል ብቻ አውጥቶ የሚያመጣልን ፈሳሽ ያሻናል። ከዚያ የሚገኘው ጭማቂ እንደ ቡና ነው። ከአንድ ጀበና፣ ከአንድ ዱቄት አቦልም ቶናም በረካም ይቀዳል፤ ነገር ግን ውፍረታቸው አንድ አይደለም። ቡናው ምን ያህል እንደ ወፈረ የሚናገር ሰው የትኛውን እንደ ጠጣ መናገር አለበት።

በአፈር ምርመራም አቀዳዱ ልዩ ልዩ ነው። ብሬይና ኩርትዝ በ1945 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ያወጡት ዘዴ አሞኒየም ፍሎራይድና ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጠቀማል፤ ፍሎራይዱ አሉሚኒየሙን ይዞ ፎስፈረሱን ያስለቅቀዋል። ይህ ለኮምጣጣ አፈር ይስማማል። ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ግን ኖራው አሲዱን ስለሚያከሽፈው ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ይላል። ኦልሰንና ባልደረቦቹ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ ደግሞ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጠቀማል። መጀመሪያ የታሰበው ኖራ ላለበት አፈር ቢሆንም በኮምጣጣውም ላይ ስለሚሠራ በአገራችን በብዙ ላቦራቶሪ ተለምዷል። እኛም በዚህ እንሂድ።

ፈሳሹ የሚዘጋጀው 42 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በማሟሟት ነው፤ ፒኤቹም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 8.5 ላይ ይደረጋል። ፈሳሹ ክፍት ሆኖ ከቆየ ፒኤቹ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ከፍ ባለ መጠንም ከአፈሩ የሚያወጣው ይለወጣል። ስለዚህ ከመጠቀምህ በፊት በዕለቱ ለካው። ከዚያም 2.5 ግራም አፈር በፍላስክ ትጨምራለህ፤ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ታክልበታለህ፤ በመናወጫው ላይ ልክ 30 ደቂቃ ታናውጠዋለህ፤ እንደ ቆመም ወዲያውኑ በማጣሪያ ወረቀት ታጠልለዋለህ።

«ልክ» እና «ወዲያውኑ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፎስፈረሱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ አላለቀም፤ ገና እየወጣ ነው። ምሳ ደርሶ ፍላስኩን ሳያጣራ ትቶት የሄደ ሠራተኛ ሲመለስ የሚያጣራው ሌላ ጭማቂ ነው። የክፍሉ ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ በቀዝቃዛ ጧትና በሞቃት ከሰዓት የወጣው አይተካከልም። አንዳንድ ላቦራቶሪ በአሁኑ ጊዜ በሚዛን ፈንታ በማንኪያ ይሰፍራል፤ 2.5 ግራም መሆን የሚገባው 3 ግራም ቢሆን ቁጥሩ አንድ አምስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስሕተቱንም ማንም አያየውም።

ከተጣራው ጭማቂ በፒፔት ጥቂት ተወስዶ አሲድ ይጨመርበታል። ባይካርቦኔቱ አረፋ እያወጣ ይፈላልና ቀስ ብሎ መጨመርና አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ሞሊብዴትና አስኮርቢክ አሲድ ሲገባ ፎስፈረሱ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፤ ሰማያዊነቱ በበረታ መጠን ፎስፈረሱ ብዙ ነው። ቀለሙ እስኪሞላ ሩብ ሰዓት ያህል ተቆይቶ በቀለም መለኪያው ይነበባል፤ መጠናቸው ከታወቀ ፈሳሾች ጋርም ይመሳከራል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሁለት ጠባቂዎች ሊኖሩህ ይገባል። አንደኛው አፈር ያልገባበት ፍላስክ ነው፤ እርሱም ከሌሎቹ ጋር ይናወጣል፣ ይጣራል፣ ቀለም ይጨመርበታል። ይህ ባዶ ፍላስክ ሰማያዊ ከሆነብህ ፎስፈረሱ የመጣው ከአፈሩ አይደለም፤ ምናልባት ዕቃው ፎስፌት ባለበት ሳሙና ታጥቧል ወይም ወረቀቱ ንጹሕ አይደለም። ሁለተኛው ጠባቂ ቁጥሩ ከብዙ ጊዜ ምርመራ የታወቀ፣ በትልቅ ዕቃ የተቀመጠ አንድ አፈር ነው። በየዕለቱ ከአዲሶቹ ጋር ይመረመራል፤ የእርሱ ቁጥር ከለመደው ከራቀ የዚያ ቀን ሥራ ሁሉ ይደገማል።

የእኛን ማሳ እናስላ። መለኪያው በጭማቂው ሊትር ውስጥ 0.32 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ አነበበ፤ ባዶው ፍላስክ 0.04 አነበበ። ልዩነቱ 0.28 ነው። 2.5 ግራም አፈር በ50 ሚሊ ሊትር ስለ ገባ ፈሳሹ የአፈሩ 20 እጥፍ ነው፤ 0.28 በ20 ሲባዛ 5.6 ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ኪሎ አፈር 5.6 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በኦልሰን ዘዴ ከ10 በታች ዝቅተኛ ተብሎ ይቆጠራልና ገብሱ ፎስፈረስ ተርቧል። ባዶውን መቀነስ የረሳ ሰው 6.4 ይል ነበር።

ኖራው ስንት ኩንታል?

ፒኤች አፈሩ መኮምጠጡን ይነግርሃል፤ የኖራውን መጠን ግን ብቻውን አይነግርህም። ሁለት አፈሮች እኩል 4.9 ሆነው አንደኛው አሸዋ፣ ሁለተኛው ሸክላ ቢሆኑ፣ ሸክላው በላዩ የያዘው ኮምጣጣ እጅግ ይበዛል። ስለዚህ የተያዘውን አስወጥቶ መቁጠር ያስፈልጋል። 10 ግራም አፈር በማጣሪያ ላይ ተደርጎ 100 ሚሊ ሊትር ፖታስየም ክሎራይድ ጥቂት በጥቂት ይፈስስበታል፤ የወረደው ፈሳሽ ፌኖልፍታሊን ተጨምሮበት ቀላ ብሎ እስኪቀር ድረስ 0.02 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል።

በእኛ አፈር 10.4 ሚሊ ሊትር ፈጀ፤ ባዶው 0.4 ፈጀ፤ የቀረው 10 ነው። 10 በ0.02 ሲባዛ 0.2 ይሆናል፤ ይህ የ10 ግራም አፈር ነው፤ ለ100 ግራም 2.0 ማለት ነው። ለእያንዳንዱ 1.0 በኪሎ አፈር ግማሽ ግራም ንጹሕ ኖራ ያስፈልጋል። በአንድ ሄክታር እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር፣ አንድ ሊትሩ 1.2 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ፣ 1,800,000 ኪሎ ነው። ስለዚህ 1,800 ኪሎ ኖራ ይሆናል። ኖራው በማሳ ላይ እንደ ላቦራቶሪ ፍጹም ስለማይደባለቅ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 2,700 ኪሎ፣ ማለትም 27 ኩንታል ነው። የኖራው ኃይል ከንጹሑ 90 በመቶ ብቻ ቢሆን 30 ኩንታል ይሆናል። ማሳው ሩብ ሄክታር ለሆነ ገበሬ ድርሻው 7 ኩንታል ተኩል ነው። ይህንንም ከመዝራቱ አስቀድሞ፣ ቢያንስ በአንድ ወር፣ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማረስ አለበት። ኖራው ደግሞ ማዳበሪያውን አይተካም፤ የሚጨመረው ፎስፈረስ ወዲያው እንዳይታሰር መንገዱን ይጠርግለታል እንጂ።

በዚህ ስሌት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የተነሣው ከአንድ ጭማቂ ነው። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የምርመራ ወረቀት ስትጽፍ ወይም ስትቀበል ከቁጥሩ አጠገብ አምስት ነገር ፈልግ፤ አፈሩ የተወሰደበት ጥልቀት፣ የበጠበጠው ፈሳሽ፣ የአፈሩና የፈሳሹ ድርሻ፣ የቆየበት ጊዜ፣ የዘዴው ስም። ለእኛ ማሳ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤ «ከ0 እስከ 20 ሳ.ሜ.። ፒኤች በውሃ፣ 1 ለ 2.5፣ 30 ደቂቃ፦ 4.9። ፒኤች በፖታስየም ክሎራይድ፣ 1 ለ 2.5፣ 30 ደቂቃ፦ 4.0። ፎስፈረስ በኦልሰን፣ 1 ለ 20፣ 30 ደቂቃ፦ 5.6 ሚ.ግ. በኪሎ።» እነዚህ የሌሉበት ወረቀት ቢመጣህ ምክር ከመስጠትህ በፊት ወደ ላከው ላቦራቶሪ መልሰህ ጠይቅ።